አንድ ዓይነት ሚስማር፣ ሁለት ጎማ፦ አንዱ ተጠገነ፣ ሌላው ተጣለ

መነሻ

ጎማ መጠገን ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሚስማር የወጋው ጎማ በየቀኑ ይመጣል። አብዛኛው አንድ ዓይነት ስለሆነ የሚጻፍ ነገር የለውም። ይኼኛው ጉዳይ ግን ተለየብኝ። በአንድ መኪና ላይ፣ በአንድ ቀን፣ አንድ ቦታ በተበተኑ ሚስማሮች ሁለት ጎማዎች ተወጉ። ጎማዎቹ የአንድ ፋብሪካ ምርት ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እኩል ነው። ቀዳዳዎቹም በስፋትም ሆነ በቦታ አይለያዩም ነበር። እንዲያም ሆኖ አንዱን ጠግኜ መለስኩት። ሌላውን ግን ማንም እንዳይጠቀምበት ቆርጬ ጣልኩት።

ባለ መኪናው በጣም ተገርመው ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ጎማዎቹን ከቸርኬ ሳላወርድ በፊት የተናገርኩት ሌላ ነገር ነበር። የሚጣለው ጎማ ጤነኛ መስሎኝ ነበር። የተሳሳትኩበትንም እዚሁ እጽፈዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

ዳራ

መኪናዋ አነስተኛ የቤት መኪና ናት። ጎማዎቿ ካላማዳሪ የሌላቸው፣ አየሩን ራሳቸው የሚይዙ ናቸው። በሾፌሩ በር ዓምድ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የአራቱም ጎማ አየር 2.3 ባር እንዲሆን ያዛል። ጎማዎቹ ሦስት ዓመት ገደማ ሠርተዋል። የጥርሳቸው ጥልቀት በአማካይ 5 ሚሊ ሜትር ነበር። በብዙ አገሮች ጎማ ከአገልግሎት የሚወጣው ጥርሱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው። ስለዚህ እነዚህ ገና ብዙ ዕድሜ ነበራቸው።

ባለ መኪናው በዕድሜ ከእኔ በጣም የሚበልጡ፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ሕንጻ እየተሠራ ባለበት መንገድ አልፈው እቤት ሲደርሱ የቀኝ የፊት ጎማ ላይ የሚስማር ራስ አዩ። ሚስማሩን አልነቀሉትም። በማግስቱ አየሩን ሲለኩ 2.1 ባር ሆኖ አገኙት። እንደገና ሞሉትና ወደ እኔ ለመምጣት ቀን ያዙ።

የኋላ ግራ ጎማ መወጋቱን ግን ያን ቀን አላዩም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለሥራ ወጡ። መኪናዋ ከኋላ ትንሽ እንደ መዋዠቅ አለች፤ መሪው ግን ወደ ጎን አልሳበም። የፊት ጎማ ሲተነፍስ መሪው ላይ ቶሎ ይታወቃል። የኋላ ሲሆን ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም። መንገዱ ነው ብለው ቀጠሉ። ቆመው ሲያዩ ጎማው ቸርኬው ላይ ተቀምጧል።

እዚያው አካባቢ የነበረ ሰው ሚስማሩን ነቀለና ማጣበቂያ የተቀባ ወፍራም ክር ከውጭ ወደ ውስጥ ወጋበት። የተረፈውን ክር ቆርጦ አየር ሞላው። ጎማው አየሩን ያዘ። እሳቸውም ለአንድ ሳምንት ነዱበት። የፊቱ ግን ሚስማሩ እንዳለበት በየሁለት ቀኑ እየተሞላ ቆየ።

ችግሩ

ደውለው የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፦ «ልጄ፣ የፊቱ አየር ያጎድላል። የኋላው በክር ተደፍኖ ደህና ነው። የፊቱንም እንደዚያ በክር ብትደፍንልኝ ጎማው ሳይወርድ ማለቅ ይችላል?»

እኔ ደግሞ ቀዳዳዎቹ የት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ጥርሱ መሀል ላይ ናቸው አሉኝ። ስለ ሚስማሩ ውፍረትም ነገሩኝ። ያኔ «ሁለቱም የሚጠገኑ ናቸው፣ ይዘው ይምጡ» አልኩ። ይህን ማለት አልነበረብኝም። በስልክ የሰማሁት ስለ ቀዳዳው ብቻ ነው። የኋላው ጎማ አየር ሳይኖረው መነዳቱን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ትልቅ ነገር ስላልመሰላቸው አልነገሩኝም።

ሲመጡ የሁለቱንም አየር ለካሁ። የፊቱ 2.0 ባር ነበር። የኋላው ግን ድፍን 2.3 ባር። በዓይን ሲታይ የታመመው የፊቱ፣ ጤነኛው የኋላው ነው የሚመስለው። እኔም የኋላውን ክሩን አውጥቼ በደንብ ለመጠገን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

የፊቱ ጎማ፦ ከቀዳዳው እስከ መፈተሻው

ሁልጊዜ ሚስማሩን ከመንቀሌ በፊት ቦታውን በኖራ ምልክት አደርጋለሁ። ቫልቩም ያለበትን አቅጣጫ ጎማው ላይ አሰምራለሁ። ቀጥሎ የሳሙና ውኃ አፈሳለሁ። ሚስማሩ ዙሪያ ትንንሽ አረፋ ወጣ። ስለዚህ ሚስማሩ ውስጥ ድረስ ገብቷል። አንዳንዱ አጭር ሚስማር ጥርሱ ውስጥ ብቻ ተሰክቶ ይቀርና ምንም አያፈስም። ያ ከሆነ መንቀል ብቻ ነው ሥራው።

መጀመሪያ የምጠይቀው ቀዳዳው የት ነው የሚለውን ነው። ጎማ ሲሠራ መሬት ከሚነካው ክፍል ስር የብረት ሽቦ ቀበቶ ይደረግበታል። ያ ቀበቶ ቦታውን ያጠነክረዋል፤ ጎማው ሲሽከረከር እዚያ ብዙ አይተጣጠፍም። ጥገና የሚይዘው እዚያ ነው። ወደ ዳር ሲሄዱ ትከሻው ይመጣል። የቀበቶው ጫፍ ያለቀው እዚያ ነው፤ ጎማው በጣም የሚሞቀውም እዚያ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ጎኑ አለ። ጎኑ ላይ የብረት ቀበቶ የለም። ጎማው በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የተለጠፈበት ነገር ሁሉ አብሮ እየታጠፈ ይላቀቃል። ስለዚህ ትከሻውና ጎኑ ላይ የገባ ሚስማር፣ ቀዳዳው የመርፌ ያህል ቢሆንም፣ የቤት መኪና ጎማን ያስጥላል። የፊቱ ጎማ ቀዳዳ ግን ከዳሩ ሩቅ፣ መሀለኛው ቦይ ላይ ነበር። ይህን አለፈ።

ሁለተኛው ጥያቄ ስፋቱ ነው። ለቤት መኪና ጎማ ወሰኑ 6 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ከሰፋ የተቆረጠው ሽቦ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀዳዳው ውስጥ የምንሰካው መሰኪያ ደግሞ ሽቦ አይተካም። የዚህ ሚስማር ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። ይህንንም አለፈ።

ከዚያ ጎማውን ከቸርኬ አወረድኩ። ይህን ሳላደርግ አንድም ጎማ «ተጠግኗል» አልልም። ውስጡን በመብራት ዙሪያውን አየሁት። ውስጠኛው ሽፋን ለስላሳ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣበት መስመሮች እንኳ አልጠፉም። ዱቄት የለም፣ መጨማደድ የለም። አየሩ ከ2 ባር በታች ወርዶ ስለማያውቅ ጎኑ አልተጎዳም። ባለ መኪናው ሚስማሩን ሳይነቅሉ እየለኩ መሙላታቸው ጎማውን አተረፈው። ነቅለውት ቢሆን ኖሮ አየሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣ ነበር።

ሚስማሩን ስነቅል አቅጣጫውን በጥንቃቄ አየሁ። ቀጥ ብሎ ነው የገባው። ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሚስማር አንዳንዴ አግድም ይገባል። ከውጭ ቀዳዳው መሀል ሆኖ ውስጥ ሲወጣ ወደ ትከሻው የሸሸ ሊሆን ይችላል። ከቀጥታው ከ25 ዲግሪ በላይ ካዘነበለ ባለ እግር ልጣፉ ቀዳዳውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አይችልም። ያኔ መሰኪያው ለብቻ፣ ልጣፉ ለብቻ ይሠራል። እዚህ ግን ቀጥ ያለ ስለነበር ባለ እግሩን መረጥኩ። ቅርጹ እንጉዳይ ይመስላል፦ ከላይ ክብ ልጣፍ፣ ከስሩ ቀዳዳውን የሚሞላ እግር።

ሥራው እንዲህ ነበር የሄደው። በመጀመሪያ ውስጡን በማጽጃ ፈሳሽ አጠብኩና በመፋቂያ ጠረግኩ። ፋብሪካው ጎማው ከቅርጽ ማውጫው እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቅባት ውስጡ ላይ ይቀራል። ያን ሳያጸዱ ቢፍቁት ቅባቱ ወደ ጎማው ይገባል፣ ማስቲሹም አይይዝም። ቀጥሎ 5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያም ከውጭ ወደ ውስጥ፣ የሚስማሩን መንገድ ተከትዬ አስገባሁ። ቀዳዳውን ማስፋት እብደት የሚመስለው ሰው አለ። ግን ሚስማር ሲገባ ሽቦውን ይበጥሳል፤ የተበጠሰው ጫፍ ሹል ሆኖ ይቀራል። ካልተስተካከለ የምንሰካውን እግር ቀስ እያለ ይቆርጠዋል።

ከዚያ ልጣፉ የሚቀመጥበትን ቦታ በዝቅተኛ ፍጥነት ፋቅኩ። እዚህ ጋ እጅ መቆጠብ ያስፈልጋል። ወለሉ እንደ ጥሩ ጨርቅ ሸካራ ሲሆን ይበቃል። ሽፋኑ አልፎ ከስሩ ያለው የጎማው የራሱ ክር ከታየ ያ ጎማ በራሳችን እጅ ተበላሸ ማለት ነው፤ መጣል አለበት። የወጣውን ዱቄት በቫኩም ሳብኩት። በአየር አልነፋሁትም፤ የአየር መንፊያው እርጥበትና ዘይት ያመጣል። ማስቲሹን ስስ አድርጌ ቀዳዳው ውስጥም ወለሉም ላይ ቀባሁና በጣት ጀርባ ሲነኩት የሚጣበቅ እስኪሆን ጠበቅኩ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ልጣፉን የሚጭን ሰው ፈሳሹን ስሩ ያፍነዋል። ዛሬ የያዘ ይመስላል፤ ከወር በኋላ ከዳሩ ይነሣል።

እግሩን ከውስጥ ወደ ውጭ ስቤ ልጣፉን አስቀመጥኩ። ጎማው ተዘርግቶ አይደለም፣ በተፈጥሮው ላልቶ ነው ይህ የሚሠራው። ልጣፉን በጥርሳማ መንኮራኩር ከመሀል ጀምሬ ወደ ዳር አሸሁት። ከዳር ከጀመሩ አየር መሀል ላይ ይታፈናል። ፍቀቱ ከልጣፉ የሚተርፍበትን ዙሪያ በማሸጊያ ፈሳሽ ቀባሁ። ከውጭ የወጣውን እግር ከጥርሱ ጥቂት ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ። ሳብ አድርጎ መቁረጥ አይገባም፤ ሲለቀቅ ወደ ውስጥ ይሸሻል።

ቸርኬው ላይ ከመለስኩ በኋላ 2.3 ባር ሞልቼ የሳሙና ውኃ አፈሰስኩ። ጥገናው ላይ ምንም አልነበረም። ቫልቩ ስር ግን በጣም ቀጭን አረፋ ይወጣ ነበር። የጎማ ቫልቩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ስለዚህ ከሚጠፋው አየር የተወሰነው የሚስማሩ አልነበረም። እንደገና አወረድኩ፣ ቫልቩን ቀየርኩ፣ አስገባሁ፣ ፈተሽኩ። ከዚያ ባላንስ ተሠራለት። ሁለተኛ ማውረዱ ጊዜ ወሰደ። ቫልቩን አስቀድሜ አጣጥፌ አይቼው ቢሆን ይህ ድካም ይቀር ነበር።

የኋላው ጎማ፦ አየር የያዘ፣ ግን የሞተ

የኋላውን ከውጭ ሳየው ክሩ ቦታው ላይ ነው። የሳሙና ውኃ አፈሰስኩ፣ አረፋ የለም። ቀዳዳው መሀል ላይ ነው፣ ጠባብ ነው። በአቧራ የተሸፈነውን ጎን ስጠርገው ግን ከቸርኬው ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን የሄደ፣ የተፋተገ ደብዛዛ መስመር ታየኝ። ያኔ ነው የተጠራጠርኩት።

ጎማውን ከቸርኬ ሳወርደው ከውስጡ ጥቁር ዱቄት ተበተነ። እንደ ተፈጨ በርበሬ የደቀቀ ጎማ ነው። እፍኝ ይሞላ ነበር። ከየት መጣ? ከጎኑ ውስጠኛ ሽፋን ነው። አየር ሲጎድል የመኪናውን ክብደት የሚሸከም ነገር አይኖርም፤ ጎኑ ታጥፎ መሬቱና ቸርኬው መሀል ይቀረቀራል። ጎማው በዞረ ቁጥር የታጠፈው ውስጥ ለውስጥ ይፋተጋል፣ ይፈጫል። ሙቀቱም አብሮ ይወጣል።

መብራት አስገብቼ ሳይ በሁለቱም ጎኖች ዙሪያውን የሄደ ግራጫ ቀለበት አለ። ቦታ ቦታ ላይ ሽፋኑ ተጨማድዷል። በአንደኛው ጎን በጣቴ ስዳስስ ከሽፋኑ ስር የክሩ መስመር ይሰማል። ይህ ክር ነው ጎማውን በቅርጹ የሚይዘው። ጎኑ ላይ ሌላ አጋዥ የለውም።

ባለ መኪናውን ጠርቼ አሳየኋቸው። እሳቸውም የሚጠበቀውን ጥያቄ ጠየቁኝ፦

«ልጄ፣ ቀዳዳው እኮ እኩል ነው። ያኛውን ከጠገንክ ይኼን ምን ከለከለህ? ደግሞ አየር ይይዛል።»

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን መድፈን አያቅተኝም። የተበላሸው ግን ቀዳዳው አይደለም፤ ጎኑ ነው። ጎኑን የምጠግንበት ምንም ነገር የለኝም። ያለ አየር ስንት ያህል ነዱት?»

ትንሽ አሰቡና «ሁለት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው» አሉ። ከዚያ ግን መኪናዋ መዋዠቅ የጀመረችበትን ቦታ ሲያስታውሱ ርቀቱ እየጨመረ ሄደ። እኔ ርቀቱ ላይ አልተከራከርኩም። አየር ሳይኖረው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቢነዳ ደህና ነው የሚባል ቁጥር የለም። ፍጥነቱ፣ ጭነቱና የጎማው ቅርጽ ይለውጠዋል። ዱቄቱና ቀለበቱ ከማንም ትዝታ የተሻለ ምስክር ናቸው።

የሚያስፈራኝ እዚያው መንደር ውስጥ መንዳታቸው አልነበረም። ቀስ ብለው ሲነዱ ይህ ጎማ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው መኪናው ሰው ሞልቶ፣ ሻንጣ ተጭኖ፣ በፍጥነት ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። የላላው የጎኑ ክር ይሞቃል፣ ከጎማው ይለያል፣ ጎኑ በአንዴ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ክሩ የተሰካበት ቀዳዳ ምንም ሳይሆን ሊገኝ ይችላል።

ያልሠራው ነገር

ከውጭ የሚሰካው ክር በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር አበላሽቷል። አንደኛው በጥገናው ባሕርይ ነው። ክሩ ቀዳዳውን ይሞላል እንጂ ውስጠኛውን ሽፋን አያሽግም። አየር ቀስ እያለ በዙሪያው ወደ ሽቦው ቀበቶ ይገባል፤ ከውጭ ደግሞ ውኃ ይገባል። ሽቦው ይዝጋል፣ ከጎማውም ይለያል። የክሩን ቦታ ስከፍተው ሳምንት ብቻ ስለሆነው ዝገቱ ገና አልጀመረም ነበር። ሚስማሩ ቀድሞ ስለተጣለና ቀዳዳው ክሩ ሲሰካ በመሞረጃ ስለተቦረቦረ ግን መጀመሪያ በየትኛው አቅጣጫ እንደገባ ማወቅ አልተቻለም።

ሁለተኛው ይብሳል። ክሩ አየሩን በመያዙ ሁላችንንም አሳሳተን። ባለ መኪናው «ደህና ነው» አሉ። እኔም መለኪያዬ ላይ 2.3 ባር አይቼ ተስማማሁ። ጎማው ውስጥ ምን እንደደረሰ ማንም ሳያይ ሳምንት ተነዳበት። መንገድ ላይ መቸገር ያለ ነው፤ ሌላ ጎማ በሌለበት ክር ሰክቶ ወደ ጎሚስታ መድረስን አልቃወምም። ፍጥነት ቀንሶ፣ በዚያው ቀን፣ ጎማው ወርዶ እንዲታይ ከሆነ። ለሳምንት ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

የእኔም የስልክ መልስ ከዚህ አይለይም። ቀዳዳ ብቻ አይቶ ፍርድ መስጠት ነው።

ከዚህ ለሌላ ጊዜ የያዝኩት

አሁን ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሚስማሩ የት ነው?» ብዬ አይደለም። «ጎማው ስንት አየር ላይ እያለ ነው ያገኙት? ተቀምጦ ነበር? ተቀምጦ ተነድቷል?» እላለሁ። የቀዳዳው ቦታና ስፋት ቀጥሎ ይመጣል። ቦታው ትከሻ ወይም ጎን ከሆነ፣ ወይም ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ጎማውን ሳላወርድም መልሱን አውቀዋለሁ፤ ይጣላል። እነዚህን ቢያልፍ ግን «ይጠገናል» አልልም። «አውርደን እንየው» ነው የምለው።

ጎማውን ሲያወርዱ አብሮ መቆም ይቻላል። እንዲያውም ቁሙ። ውስጡ ላይ ዱቄት አለ ወይ? ጎኑ ላይ ቀለበት፣ መጨማደድ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላ የቀለም ለውጥ ይታያል ወይ? ከነዚህ አንዱ በቂ ነው። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መብራትና ዓይን ብቻ ነው። ዱቄቱን ጠርጎ ልጣፍ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ አስቁሙት። እጃችሁን ስታስገቡ ግን ቀስ በሉ፤ የተበጠሰ ሽቦ ይወጋል።

ቀድሞ የተጠገነ ጎማ ሲመጣም አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። አዲሱ ቀዳዳ ከድሮው ልጣፍ ጋር የሚነካካ ከሆነ አልሠራውም። ልጣፍ በልጣፍ ላይ አይቀመጥም። ጥርሱ ያለቀ ጎማም ቀዳዳው ምንም ያህል ቢያንስ አይጠገንም።

በሾፌሩ በኩል ያለው ደግሞ ይኼ ነው። ሚስማር ካያችሁ አትንቀሉት፤ አየሩን ለኩ። የዘመኑ ጎማ ጎኑ አጭርና ደረቅ ስለሆነ በዓይን ሙሉ መስሎ ግማሽ አየር ጎድሎት ሊሆን ይችላል። መለኪያ ከሌለ በእግር መትቶ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ጎማ ላይ ሚስማር ከተገኘ ሌሎቹን ሦስቱንም መለካት ነው። ባለ መኪናው ያን ቀን የፊቱን ለክተው የኋላውን ቢለኩ ኖሮ ሁለቱም ጎማዎች ይተርፉ ነበር።

ከዚያ በኋላ

በተጣለው ቦታ ለጊዜው ስኮርታ ጎማውን አሰርንላቸው። በሳምንቱ ሁለት አዲስ ጎማ ገዙና ከኋላ አብረው ታሰሩ። አንድ ብቻ ቢገዙ አዲሱ ባለ ሙሉ ጥርስ፣ ጓደኛው 5 ሚሊ ሜትር ሆኖ በአንድ አክስል ላይ ይገናኙ ነበር። ከኋላ የወጣው ጤነኛ ጎማ ስኮርታ ሆነ።

የተጠገነውን የፊት ጎማ በማግስቱ ለካሁት፣ 2.3 ባር። ከወር በኋላ ሲመጡ 2.2 ነበር። ይህን ያህል ጤነኛ ጎማም በወር ውስጥ ያጣል። ከስድስት ወር በኋላ ጎማ ሲያዟዙሩ ደግሜ አወረድኩት። የልጣፉ ዳር አልተነሣም። ከውጭ ያለው እግር ከጥርሱ ጋር እኩል አልቆ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

የተጣለውን ጎማ እሳቸው ቆመው እያዩ ጎኑን ቆረጥኩት። ሁለት ምክንያት ነበረኝ። አንደኛ፣ አየር የሚይዝ ጎማ ደጅ ላይ ከተተወ አንድ ሰው አንሥቶ ያስረዋል። ሁለተኛ፣ ውስጡን ላሳያቸው ፈልጌ ነው። የተቆረጠውን ጠርዝ ይዤ በአውራ ጣቴ ገፋ ሳደርገው ጎማው ከክሩ ላይ እንደ ድንች ልጣጭ ተነሣ። ክሮቹ ለየብቻ ቆመው ቀሩ። እሳቸውም አንዷን ክር በጣታቸው ይዘው ሳብ አደረጓት። ምንም ሳትታገል ወጣች።